«ዕድሜሽ ስንት ነው? አግብተሻል? ፎቶ ላኪ»፦ ካርቱም ላይ ከሥራ አገናኝ ጋር ሳይጣሉ መልስ መስጠት

የሱዳን ጦር ካርቱምን በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ከተማዋ የሚመለሱ ቤተሰቦች አሉ። ቤት ሲከፈት ደግሞ ሠራተኛ ይፈለጋል። ከገዳሪፍም ከፖርት ሱዳንም እህቶቻችን ሲደውሉልኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ደላላው ገና ደመወዙን ሳይናገር ዕድሜ ይጠይቃል፣ ትዳር ይጠይቃል፣ ከዚያ በዋትሳፕ ፎቶ ላኪ ይላል። እምቢ ካሉት ስልኩን ይዘጋል፣ እሺ ካሉት ደግሞ ፎቶው የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ታዲያ ምን ይባላል?

እኔ ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። አረብኛ ስለምችል ከአሰሪ ጋር ለሚነጋገሩ ልጆች ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ ሆኜ ሄጃለሁ። ያኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሱዳን ውስጥ «አግብተሻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ስድብ አይደለም። ጎረቤትም፣ ሻይ የምትሸጠዋም፣ የታክሲ ሹፌሩም ሰላምታው ላይ ጨምሮ ይጠይቃል። ስለዚህ ፊትን አጥቁሮ «ምን አገባህ?» ማለት ሰውየውን ያስቀይመዋል እንጂ ጥቅም የለውም። ያው ጥያቄ ከደላላ አፍ ሲወጣ ግን ሰው መምረጫ ይሆናል። ከጀርባውም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጥያቄ አለ። ማዳሟ ማወቅ የምትፈልገው ሠራተኛዋ እዚያው ታድራለች ወይ፣ ቤት ድረስ የሚመጣባት ሰው አለ ወይ፣ በሁለት ወር ጥላ ትሄዳለች ወይ የሚለውን ነው። መመለስ ያለበት ይኼኛው ነው።

ያስተረጎምኩላትን አንዲት ልጅ ልጥቀስ። ስሟን አልናገርም። በ2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አንድ የሥራ አገናኝ ቢሮ አብረን ሄድን። ሰውየው «ዑምሪክ ከም?» አላት። እሷም በአረብኛ የተወለደችበትን ዓመት ነገረችው፦ 1991። ደላላው በጣቱ ቆጥሮ «ሠላሳ አንድ ዓመት! ማዳሟ ወጣት ነው ያለችኝ» አለ። ቀጥሎ ቢጣቃዋን፣ የስደተኛ መታወቂያዋን ማለት ነው፣ ሲያየው 1998 ይላል። ፊቱ ተለወጠ። ዋሽታኛለች ብሎ አሰበ።

ልጅቷ አልዋሸችም። የተወለደችው ጥቅምት 1991 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ሲሆን 1998። ዕድሜዋ 24 ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ ሰው በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። በዚህች ስሕተት ሥራ ያጣ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ዕድሜ ስትጠየቁ ዓመተ ምሕረት አትጥሩ። ቢጣቃው ላይ ያለውን ቀን በፈረንጅ ተናገሩ፣ ወይም «ሃያ አራት» ብላችሁ ቁጥሩን ብቻ በሉ።

ቢጣቃው ላይ ያለው ቀን የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ የሚያርመው የመዘገባችሁ የስደተኞች ቢሮ ነው እንጂ ደላላው አይደለም። «እኔ በሌላ ወረቀት አስተካክልልሻለሁ» ካለ ተጠንቀቁ። ዛሬ ለአንድ ቤት ተብሎ የተጻፈ ሌላ ዕድሜ ነገ በፋይላችሁ ላይ ካለው ጋር ይጋጫል። ያኔ ቃለ መጠይቅ ላይ ቁጭ ብሎ ማስረዳቱ የእናንተ ዕዳ ነው፣ ደላላው አጠገባችሁ አይኖርም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የዕድሜው ነገር ሲገባው ሰውየው ሳቀና ቀጣዩን ጠየቀ። ባለትዳር ነች፣ ባሏ በሊቢያ መንገድ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ደላላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነጠላ ነኝ በይ፣ ይሻልሻል» አላት። ወደ እኔ ዞር አለች። ስትመዘገብ የባሏን ስም አስይዛለች። አንድ ቀን ቢገኝ አንድ ላይ የሚያደርጋቸው ያ ስም ነው። በውል ላይ «ያላገባች» ብላ ብትፈርም ያ ወረቀት መቼ ወጥቶ እንደሚመጣባት ማን ያውቃል?

ትንሽ ተማከርንና እንዲህ ብዬ አስተረጎምኩ፦ «ያ ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥልን፣ ጥሩ አስበህላታል። ለማዳሟ ግን እንዲህ በልልን። እዚያው ታድራለች፣ ዓርብ ብቻ ትወጣለች። ወደ ቤቱ የሚመጣባት ሰው የለም። የሚያሳድራት ልጅ የላትም። ማዳሟ ሌላ የሚያሳስባት ነገር ካለ ራሷ ትጠይቃት፣ ትመልሳለች።» እዩ፣ አልዋሸችም፣ እምቢም አላለችም። ሰውየው ደግሞ ለማዳሟ የሚነግራት ነገር አገኘ። ደላላ የሚከፈለው ቤቱ ሲስማማ ስለሆነ የሚጨንቀው ባዶ እጁን መመለስ ነው።

ፎቶው ላይ ግን ጠንከር አልን። ሰውየው የፈለገው ቆማ ሙሉ ሰውነቷ የሚታይበትን ነው። ለሥራ ፎቶ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ ለመኖሪያ ወረቀት ወይም ለግቢ መግቢያ። ያ ግን ከተቀጠሩ በኋላ ነው፣ የሚበቃውም የፓስፖርት መጠን ፎቶ ነው። ከዚያ በፊት የሚላክ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቢቢሲ በ2019 ባወጣው ምርመራ ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞች በ«ፎርሴል» መተግበሪያና በኢንስታግራም ላይ ፎቷቸው ተለጥፎ እንደ ዕቃ ሲሸጡ አሳይቷል። ስለዚህ «ማዳሟ ልታያት ከፈለገች ነገ እንመጣለን፣ ካልሆነም በቪዲዮ ትደውልልን» አልነው። እንዲህ ሲባል እውነተኛ አሰሪ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። የቤቱን ሰፈርና ደመወዙን ሳይናገር ፎቶ ላይ ብቻ ሙጭጭ የሚል፣ ሻሽ አውልቂ የሚል፣ ወይም ዋናውን ቢጣቃ «እኔ ጋ ይቀመጥ» የሚል ሰው ግን ለሥራ አይደለም የሚጠይቀው።

የግድ መላክ ካለባችሁ ፊት ብቻ የሚታይበትን ላኩ፣ በፎቶው ላይም ቀኑንና «ለሥራ ብቻ» የሚለውን በአረብኛ ጻፉበት። ፎቶውንና ቢጣቃውን በአንድ ላይ አትላኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከሆኑ በስማችሁ ሌላ ወረቀት መሥራት ይቀላል።

ሕግስ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። በ1997 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት 181ኛው ስምምነት የግል ሥራ አገናኞች ስለ ሠራተኛ የሚይዙት መረጃ ከሙያው፣ ከልምዱና ከሥራው ጋር በቀጥታ በሚገናኝ ነገር ላይ እንዲወሰን ይላል። ኢትዮጵያ በ1999 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃዋለች። ካርቱም ላለ ደላላ ግን ይህን ብትጠቅሱለት ሥራውን ለሌላ ይሰጣል እንጂ አይመለስም። የሕጉን ሐሳብ ለራሳችሁ መለኪያ አድርጉት፦ ይህ ጥያቄ ከሥራው ጋር ምን ያገናኘዋል?

የልጅቷ ነገር እንዴት አለቀ? ያቺ ማዳም አልተቀበለቻትም፣ ያላገባች ነው የምፈልገው ብላ። ይህን የምነግራችሁ ዘዴው ሁልጊዜ ይሠራል እንዳትሉ ነው። ግን ከአሥር ቀን በኋላ ያው ደላላ ራሱ ደወለ። አሮጊት እናቷን የምታስጠብቅ ሴት አግኝቷል፣ እሷ ደግሞ ትዳር አልጠየቀችም። «ያቺ ቀጥተኛዋ ልጅ አለች ወይ?» ነበር ያለኝ። ጦርነቱ ሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) እስኪጀመር ድረስ እዚያ ሠራች። ስትሸሽ የያዘችው ቢጣቃዋን ነው፤ በላዩ ያለው ቀንና የባሏ ስም በፋይሏ ካለው ጋር ዛሬም አንድ ነው።