አንድ የይለፍ ቃል ለስድስት ሰው

«ወንድማማቾች አይደለን? ምን መጠራጠር ያስፈልጋል?» የተባልሁት የአጥቢያችንን ድረ ገጽ የሚያዘጋጁት ስድስቱ ወጣቶች የየራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው ባልሁ ጊዜ ነው። ስድስቱም በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነበር የሚገቡት፤ የይለፍ ቃሉም በቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ሁለቱ አገር ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ከቡድኑ ግን አልወጡም።

ይህን መልስ አልቀበልም። እሑድ መባ ሲቆጠር አንድ ወንድም በር ዘግቶ ብቻውን አይቆጥርም። ሁለት ሦስት ሆነው ይቆጥራሉ፣ ይፈርማሉ። ይህን የምናደርገው ቆጣሪዎቹን ሌቦች ናቸው ብለን ነው? ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ስጦታ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 እንደምናነበው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ የተደረገው ማንም ነቀፋ እንዳያነሣ ነው። በድረ ገጹ ላይ የተጻፈው የቴሌብር ቁጥርም የመባ ሣጥን ነው።

ደግሞም ጉዳዩ በእኛው ደርሷል። አንዲት እህት ከሰሚት ሆና ለሕንፃው ልትልክ ቁጥሩን ስታስገባ የማታውቀው ሰው ስም ወጣባት። ቆም ብላ ደወለች። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ኖሯል። ከእርሷ በፊት ስሙን ሳያነብ ያለፈ ሰው ይኑር አይኑር ማወቅ አልቻልንም፤ ወደ እኛ ያልገባ ብር በእኛ ሒሳብ ላይ አይታይምና። ገጹ የተሠራበት ዎርድፕሬስ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ Revisions በሚለው ስር ይመዘግባል። ስንከፍተው ለውጡ ሁሉ admin በሚል አንድ ስም ነው። ስድስቱም «እኔ አይደለሁም» አሉ፤ አምስቱ እውነት እንደተናገሩ አምናለሁ፤ ስድስተኛውም ምናልባት ሳያውቀው ነው።

መፍትሔው እዚያው አለ። ለሚጽፉት Contributor የሚለው ድርሻ ይሰጣቸው፤ ይጽፋሉ፣ ማውጣት ግን አይችሉም። የሚያወጣው Editor ነው። የወጣቶች ጉባኤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲባል የገጹ የቀን መቁጠሪያ 9:00 መባል እንዳለበት የሚያየው ይህ ሁለተኛ ዓይን ነው። (አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጉባኤ ጠርተናል!) Administrator ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ከሽማግሌዎች ወገን ይሁን።

ይህም ሁሉን አይዘጋም፤ Editor የሆነ ሰው የመባውን ገጽ መንካት ይችላል። ስለዚህ ገጹን የማያዘጋጅ የሒሳብ ክፍል ሰው በየቅዳሜው በገጹ ላይ ያለውን ቁጥር በስልኩ አስገብቶ የሚወጣውን ስም ያንብብ፤ ብር መላክ አያስፈልገውም።

የሄደ ሰው መግቢያ ደግሞ በሄደበት ሳምንት ይሰረዝ። ሲሰረዝ ጽሑፎቹ ምን ይሁኑ ተብሎ ይጠየቃል፤ Attribute all content to: የሚለው ተመርጦ ለሌላ ሰው ይዛወሩ፤ አለዚያ የጻፈው ሁሉ አብሮት ይጠፋል። የእኛ ሁለቱ ወንድሞች ይህን ጽሑፍ ስጨርስ እንኳ ከቡድኑ አልወጡም፤ የይለፍ ቃሉም ያው ነው።