«ደብቀሃል» ለሚል ደብዳቤ መልሱ ቅጹ ላይ ነው

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውሃ አድርጎ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ድልድዩን ሲሻገር ገላባት ይገባል፤ ከዚያም የሱዳንን የሰሊጥና የማሽላ አገር ይዞ ገዳሪፍ ይደርሳል። በዚህ መስመር የሚሠራ የጭነት መኪና ባለቤት አደጋ ደርሶበት ካሳ ሲጠይቅ፣ ከመድን ድርጅቱ የሚመጣለት ደብዳቤ አንዳንድ ጊዜ ስለ አደጋው አንድም ቃል አይናገርም። «መድን ሲገቡ ለውሉ ወሳኝ የሆነ ፍሬ ነገር ስለሸሸጉ ውሉ ፈራሽ ነው» ይላል። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ እንደ ፍርድ ይቀበለዋል። ሌላው ደግሞ ልምዱን፣ ታማኝነቱንና የቤተሰቡን ችግር የሚዘረዝር ረጅም ልመና ይጽፋል። ሁለቱም መንገዶች ስህተት ናቸው። «ደብቀሃል» የሚለው ቃል ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ በማስረጃ ይጣራል። ዋናው ማስረጃ ያለው በከሳሹ ፋይል ውስጥ ነው፦ መድን ገቢው የፈረመበት የማመልከቻ ቅጽ፣ በተለምዶ ፕሮፖዛል ፎርም የሚባለው።

ሕጉ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግን ብዙ ክፍል ቢተካም የመድን ድንጋጌዎቹን አልነካቸውም። በአንቀጽ 667 መሠረት መድን የሚገባ ሰው የሚያውቃቸውንና መድን ሰጪው አደጋውን ለመመዘን የሚረዱትን ሁኔታዎች በትክክል መግለጽ አለበት። ቀጣዩ አንቀጽ 668 ግን ድርጅቶቹ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ልዩነት ይዟል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ያፈርሰዋል። በቅን ልቦና የቀረ ነገር ግን ውሉን አያፈርስም፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ከታወቀ የሚያስከትለው የካሳውን መጠን መቀነስ ነው። ቅናሹ የሚሰላውም በተከፈለው አረቦንና ነገሩ ቢታወቅ ኖሮ ሊከፈል በሚገባው አረቦን መካከል ባለው ልዩነት ነው። በምሳሌ ብንወስደው፣ የተከፈለው አረቦን 40,000 ብር፣ ሊከፈል የሚገባው 50,000 ብር፣ ጉዳቱ ደግሞ 1,000,000 ብር ቢሆን፣ ክፍያው 800,000 ብር ይሆናል እንጂ ዜሮ አይሆንም። «ሸሽገሃል» ብሎ ዜሮ የሚጽፍ ድርጅት እንግዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር እያለ ነው፤ ፍሬ ነገሩ አልተነገረም፣ ያልተነገረውም ታስቦበት ነው። ሁለተኛውን ማስረዳት የእሱ ሸክም ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2001 ውል ፈራሽ ነው የሚል ወገን ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያዛልና።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው፤ ምሳሌው የተፈጠረ ነው፣ ሁኔታው ግን በዚህ መስመር ለሚሠራ ሁሉ እንግዳ አይደለም። የጭነት መኪና በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ መካከል ይገለበጣል። ድርጅቱ «መኪናው ወደ ሱዳን እንደሚመላለስ አልነገሩንም» ብሎ ካሳውን ይከለክላል። ባለቤቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት በደብዳቤ የማመልከቻ ቅጹን፣ የመኪናውን የቅድመ መድን ምርመራ ሪፖርትና የእድሳት ወረቀቶቹን ሙሉ ቅጂ ይጠይቃል። ቅጹ ይመጣል። «ተሽከርካሪው ለምን አገልግሎት ይውላል?» የሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት «የንግድ ጭነት» ተብሎ ተጽፏል። ስለሚሄድበት መስመር ወይም ከአገር ስለ መውጣት የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም። ከታች ያለው ፊርማ የባለቤቱ ነው፤ የመልሶቹ የእጅ ጽሑፍ ግን የሌላ ሰው ነው፣ ከጎኑ ደግሞ የወኪሉ ስምና ፊርማ አለ። «ቀደም ሲል የደረሰ አደጋ» የሚለው ሳጥን ባዶ ቀርቷል፤ ፖሊሲው ግን ሳጥኑ ባዶ እንደሆነ በማግስቱ ወጥቷል።

መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ያልተጠየቀ ጥያቄ የሐሰት መልስ ሊኖረው አይችልም። ወኪሉ በእጁ ከሞላው ባለቤቱ የተናገረውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ እንግዲህ ወኪሉ ምን ጠይቆ ምን እንደጻፈ ማስረዳት ያለበት ወኪሉን ወደ ደንበኛ የላከው ድርጅት ነው። ባዶውን ሳጥን እያየ ፖሊሲ ያወጣና አረቦን የተቀበለ ድርጅትም መልሱ ያን ጊዜ አላሳሰበውም ማለት ነው፤ ከአደጋ በኋላ ሲያሳስበው የሚታየው ሌላ ነገር ነው። በቅጹ ላይ ያለ አሻሚ ጥያቄ ደግሞ በአዘጋጁ ላይ ይተረጎማል፤ አንደኛው ወገን ብቻውን ያዘጋጀውን የውል ቃል ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ መተርጎም የፍትሐ ብሔር ሕጉ የአንቀጽ 1738 መርህ ነው።

በዚህ ጠረፍ ላይ ግን ከቅጹም የሚበልጥ ማስረጃ አለ፤ ባለመኪኖችም ድርጅቶቹም እምብዛም አያነሱትም። ወደ ሱዳን የሚሻገር መኪና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያም ሱዳንም የኮሜሳ አባላት ናቸው፤ ካርዱም መኪናው በሌላው አገር ለሚያደርሰው የሦስተኛ ወገን ጉዳት ዋስትና የሚሆን ወረቀት ነው። የሚሸጠው ደግሞ መድን ድርጅቱ ራሱ ነው። በምሳሌያችን ባለቤቱ የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥር የያዘ ቢጫ ካርድ ከዚያው ድርጅት፣ ከዚያው ቅርንጫፍ፣ ከአደጋው ወራት በፊት ገዝቷል እንበል። ድርጅቱ ገንዘቡን ተቀብሎ «ገላባት ተሻገር» የሚል ወረቀት የሰጠውን ሰው «ገላባት እንደምትሻገር አልነገርከኝም» ሲለው፣ በአንድ እጁ የጻፈውን በሌላው እየሰረዘ ነው። «ካርዱን የሚሸጠው ሌላ ክፍል ነው» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ድርጅቱ ግን በሕግ አንድ ሰው ነው፤ አንዱ ጠረጴዛ ያወቀውን ሌላው አላወቀም ማለት የውስጥ አሠራሩ ችግር እንጂ የደንበኛው ጥፋት አይደለም።

እዚህ ላይ በሽፋን ወሰንና በመደበቅ መካከል አንድ መለያ መስመር ማስመር ያስፈልጋል፤ ደብዳቤዎቹ ሁለቱን ሆን ብለው ሳይሆን አይቀርም የሚያቀላቅሉት። ፖሊሲው «ሽፋኑ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ነው» ብሎ ከሆነና መኪናው የተገለበጠው ገዳሪፍ አጠገብ ከሆነ፣ ድርጅቱ ላለመክፈል የሚያነሳው ምክንያት የሽፋን ወሰን ነው፤ መደበቅ አይደለም። ቢጫ ካርዱም የራስን መኪና ጉዳት ሽፋን እስከ ሱዳን አያሰፋም፤ ባለመኪና ይህን ሳይነግሩት የገባበት ችግር እውነተኛ ነው፤ ግን ሌላ ክርክር ነው። አደጋው በገንዳ ውሃ አካባቢ ሲደርስ ግን ወሰኑ አይጠቅመውምና ድርጅቱ «መደበቅ» ወደሚለው ይዞራል። ስለዚህ የመልስ ደብዳቤው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «የከለከላችሁት በየትኛው ነው፣ በወሰን ወይስ በመደበቅ?» የሚል መሆን አለበት። በሁለቱም ላይ ተቀምጦ የሚከራከር ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል።

የድርጅቶቹን መከራከሪያ ማቃለል አይገባም። መድን በፍጹም ቅን ልቦና ላይ የቆመ ውል ነው፣ ስለ ንብረቱ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፣ ድርጅቱም ሁሉን ነገር መጠየቅ አይችልም ይላሉ። እውነት አለው፤ አንቀጽ 667 ራሱ የጥያቄ መልስ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ባለቤቱ መኪናው ጥይት ወይም ነዳጅ በድብቅ እንደሚጭን እያወቀ «የንግድ ጭነት» ብሎ ቢያልፍ፣ ያልተጠየቀ መሆኑ አያድነውም። ሆኖም ቅን ልቦና የሁለት ወገን ግዴታ ነው። በእንግሊዝ ሕግ የዚህ መርህ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የ1766 እ.ኤ.አ. የካርተርና የቦህም ክርክር ነው። ካርተር በሱማትራ የሚገኘውንና ራሱ ገዥ የነበረበትን የፎርት ማርልቦሮ ምሽግ ከጠላት ጥቃት አስመድኖ ነበር፤ ፈረንሳዮች ያዙት፤ መድን ሰጪው «የምሽጉን ድክመት አልነገረኝም» አለ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ መድን ሰጪው ራሱ የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን ነገር መንገር አያስፈልግም አሉ፤ የተረታውም መድን ሰጪው ነበር። መርሁን ጋሻ አድርገው የሚጠቅሱ ድርጅቶች ይህን ክፍል አይጠቅሱም። እንግሊዝ እንኳ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተራ ሸማች ያልተጠየቀውን በራሱ አነሳሽነት እንዲናገር የነበረበትን ግዴታ አስቀርታለች። የመተማ ጠረፍ አደጋ ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ የአልፋሽጋ ውዝግብ፣ ከዚያም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሳው የሱዳን ጦርነት በየዕለቱ ዜና ነበሩ። መስመሩ የሚያሳስበው ድርጅት በቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ይበቃዋል።

ሌላው መከራከሪያ ማጭበርበር ስለበዛ መጠንቀቅ ግድ ነው የሚለው ነው። ማጭበርበር አለ። ነገር ግን ማጭበርበርን የሚይዘው ሲጠየቅ መልሱን በጽሑፍ የሚያስቀር ቅጽ ነው እንጂ ከአደጋ በኋላ የሚታሰብ ጥያቄ አይደለም። «መኪናው ከኢትዮጵያ ውጭ ይሄዳል?» ተብሎ ተጠይቆ «አይሄድም» ብሎ በእጁ ጽፎ ፈርሞ፣ ያን ሰሞን ገዳሪፍ ሲመላለስ የነበረ ሰው ቅጹ ይረታዋል፤ ይረታውም ዘንድ ይገባል። ይህን የመሰለ ሰው ክርክሩን ወደ ልመና ቢወስደው አይገርምም፤ ቅጹን የሚፈራ እሱ ብቻ ነው። መልሱን የሰጠው ገና መመላለስ ሳይጀምር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ውል ሲገባ ምን ተደበቀ የሚለው ሳይሆን፣ በአንቀጽ 669 ሥር ያለው በውሉ ዘመን አደጋው ጨምሮ እንደሆነና ይህም ለድርጅቱ ተነግሮ እንደሆነ ነው። ቀኖቹን በቅደም ተከተል መጻፍ ያስፈልጋል፦ ቅጹ የተሞላበት፣ ፖሊሲው የወጣበት፣ ቢጫ ካርዱ የተሸጠበት፣ እድሳቱ የተደረገበትና አደጋው የደረሰበት። ብዙ ክርክር እዚያው ይለያል።

እንግዲህ ደብዳቤ የደረሰው ባለመኪና ይህን ያድርግ። በስልክ አይመልስ። የማመልከቻ ቅጹን ሙሉ ገጽ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ካልሰጡት መከልከላቸውን በጽሑፍ ያስመዝግብ። ከዚያ በመልሱ ላይ ይህን ያስፍር፦ «የትኛውን ጥያቄ በሐሰት እንደመለስኩ በገጽና በተራ ቁጥር ጥቀሱልኝ። ያልተጠየቅሁትን ከሆነ ሆን ብዬ እንደደበቅሁ ማስረጃችሁን አያይዙ። ቢታወቅ ኖሮ አረቦኔ ስንት ይሆን እንደነበር የዋጋ ሰንጠረዣችሁን አሳዩኝ።» መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ መድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ይበል፤ ቀጥሎም ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ደብዳቤ መጻጻፉ ረዘመ ብሎ ግን ጊዜውን አያባክን፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 የመድን ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል።