ቁመት ስንት ነው?

ሰናይት የሐበሻ ቀሚስ መስፋት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ልጇ ድረ ገጽ ከፍቶላት የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ምንም ትዕዛዝ አለፈ። ደሴ ያለች እህቷ ደውላ “ገጽሽ እኮ በስልኬ አይከፈትም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል” ስትላት ነው ነገሩ የገባቸው። ልጇ 12ቱን የቀሚስ ፎቶዎች ከካሜራ እንደወረዱ ነበር የጫናቸው። እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት ስለሚሆኑ፣ አንድ ጎብኚ ገጹን ለማየት 60 ሜጋባይት ማውረድ ነበረበት። ስፋታቸውን ወደ 1200 ፒክሰል ሲያሳንሰው እያንዳንዱ ወደ 200 ኪሎባይት ወረደ። የጥበቡ ክር አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል።

በሁለተኛው ሳምንት ከሐዋሳ ትዕዛዝ መጣ። ደንበኛዋ ሙሽራ ናት፤ ቀሚሱን ለእሑድ መልስ ትፈልገዋለች። ቅጹ ላይ ደረት 84፣ ወገብ 68፣ ቁመት 150 ብላ ሞልታለች። ሰናይት “ቀጭንና ረዥም ልጅ ናት” ብላ 150 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቀሚስ ሰፍታ በአውቶቡስ ላከች።

ረቡዕ ማታ ስልኳ ጮኸ። “እትዬ፣ ቀሚሱ ወለል ይጠርጋል!”

“የኔ እህት፣ 150 ብለሽኝ የለም እንዴ?”

“እሱማ የእኔ ቁመት ነው።”

ለሰናይት ቁመት ማለት የቀሚስ ርዝመት ነው፤ ለሙሽራዋ ደግሞ ከእግር እስከ ራስ። ሱቅ ውስጥ ቢሆን ሜትሩ ራሱ ይነግራት ነበር። ሙሽራዋ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ስትለካ 120 ሆነ። ቀሚሱ 30 ሳንቲሜትር ረዝሟል።

ከታች መቁረጥ አይቻልም፤ ዋናው ጥበብ ያለው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ቀሚሱ ሐሙስ ተመልሶ ሲመጣ ሰናይት የወገቡን ስፌት ፈታች፣ ትርፉን ከጉርዱ የላይኛው ጫፍ ቆረጠች፣ ሽንሽኑን እንደገና ሰብስባ ከላይኛው ክፍል ጋር ሰፋችው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ ዓርብ ማለዳ ላከችው። የመመለሻውንና የመላኪያውን ሒሳብ እሷው ቻለች። ሙሽራዋ እሑድ ለበሰችው።

ሰኞ ዕለት ቅጹ ተቀየረ። “ቁመት” የሚለው ቃል ወጥቶ በቦታው ሁለት ጥያቄዎች ገቡ፤ “የእርስዎ ቁመት፣ ከእግር እስከ ራስ” እና “የቀሚሱ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት”። በአጠገባቸው ሜትሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሥዕል ተቀመጠ። ሰናይትም ለራሷ አንድ ደንብ አወጣች፦ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ወይም ከተቀራረቡ፣ መቀስ ከማንሣቷ በፊት ትደውላለች።

ቀጣዩ ትዕዛዝ 162 እና 162 ብሎ መጣ። ሰናይት ስልኳን አነሣች።