የኮምቦልቻ ፍሳሽ ከሚሴ ሲደርስ

በአማራ ክልል የአካባቢ ጥበቃን ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች፤

ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አቋርጦ፣ በከሚሴ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ሣር ሲጠፋ የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩት ጨፋ ላይ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽም ከተማዋን በሚያቋርጡ ገባር ወንዞች እዚሁ ቦርከና ውስጥ ይገባል። ተመራማሪዎች በእነዚህ ገባሮች ክሮሚየም ማግኘታቸውን በታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 3 ያስቀመጠው ግልጽ ነው፦ የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል። በካይ ይክፈል የሚባለው መርህ ይኸው ነው። ማጣሪያ ላለመሥራት የተቆጠበ ገንዘብ ትርፍ አይደለም፤ ወጪው ወደ ጨፋ ከብት አርቢ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ችግሩ ማስረጃ ላይ ነው። ከብቱ የታመመበት ሰው አቤት ቢል «የየትኛው ፋብሪካ ፍሳሽ ነው?» ይባላል። ፋብሪካዎቹ ብዙ ናቸው፣ የከተማው ቆሻሻም አለበት፤ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። በቆዳ ፋብሪካ ቆዳ ሲለፋ ከሚገባው የክሮም ጨው ቆዳው ያልያዘው ከፍሳሹ ጋር ይወጣና ደለል ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ ቀን ላይ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውኃ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ብዙም አያስተማምንም። ፍሳሹ ሌሊት ተለቆ ከሆነ ናሙናው አላገኘውም፤ የደለሉን ጭቃ ግን ክረምት ጎርፍ ቀስቅሶ ወደ ጨፋ ይወስደዋል። ይህን ሁሉ እረኛው በምን ቤተ ሙከራ ያረጋግጥ?

የቅድመ ጥንቃቄ መርህ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1984 ዓ.ም. የሪዮ ጉባኤ እንዳወጀው፣ ከባድ ወይም የማይመለስ ጉዳት በሚያሰጋበት ቦታ ሳይንሳዊ እርግጠኝነት አለመሟላቱ እርምጃን ለማዘግየት ሰበብ አይሆንም። የእኛም አዋጅ ለጤና ወይም ለአካባቢ ስጋት ሲኖር ድርጅትን እስከ መዝጋትና ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። ፋብሪካ ይዘጋ ማለቴ አይደለም፤ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። ነገር ግን የማስረዳቱን ሸክም ከእረኛው ወደ ፋብሪካው ማዛወር ትችላላችሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የእያንዳንዱ ፋብሪካ ፍሳሽ ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል፣ መውጫው ላይ፣ ሌሊትም ጭምር ይለካ። የገባሮቹና የጨፋ ደለል ይመርመር። የምርመራውን ወጪ ፋብሪካዎቹ ይሸፍኑ፤ ናሙናውን ግን እናንተ ውሰዱ። ውጤቱም ከሚሴ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ ይለጠፍ።

በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለእናንተ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጣችሁ፣ ወይም ውሳኔያችሁ ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የከሚሴና የጨፋ ሰው ይህን መንገድ ከመጀመሩ በፊት እናንተ ቅደሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቦርከና ተፋሰስ ነዋሪ