«በጀት» የሚለው ቃል ገዢ አያመጣም

አንድ ወዳጄ መርካቶ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ይነግዳል። የቤት ወጪ መመዝገቢያ ደብተር ያሳትምና ስለ ቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ የሚያስረዳ ጽሑፍ በኢንተርኔት ገጹ ላይ ያወጣል። ሰው በጉግል ፈልጎ እንዲያገኘው ዋና ቃል አድርጎ የመረጠው «በጀት» የሚለውን ነበር። «ብዙ ሰው የሚጽፈው እሱን ነው ብለውኝ ነው» ይላል። ወራት አለፉ፤ ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ነው።

ጥፋቱ የደብተሩ አይደለም። «በጀት» በአማርኛችን የመንግሥት ቃል ነው። ጋዜጣውም ሬዲዮኑም ሲያነሡት የኖሩት ከምክር ቤት ጋር ነው። ቃሉን ብቻውን የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው የሚሻው፣ ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. የጸደቀውን የ1.93 ትሪሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ወሬ ነው እንጂ የጤፍና የዘይት ሒሳብ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው በሺሕ ቢቆጠርም ደብተር አይገዛም።

የሙያው ሰዎች ይህን የፈላጊው ዓላማ ይሉታል። አንድሬ ብሮደር የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ጽሑፍ ፍለጋዎችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ ይኸውም አንድን የታወቀ ገጽ ለማግኘት፣ ለማወቅ እና አንድ ነገር ለመፈጸም የሚደረጉ ብሎ ነው። ለደላሎቻችን ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ቤት ፈላጊ ሲመጣ ደላላው ገና ሠፈር ሳይጠራ «ለመኖሪያ ነው ለማከራየት?» ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፍ የሚያወጣ ነጋዴ ግን ይህን ሳይጠይቅ ቃል ይመርጣል።

ከወዳጄ ጋር ተቀምጠን ሌሎች ቃላት አወጣን። «የቤት ወጪ» አልን፤ ነገር ግን ይህ ሁለት ፊት አለው። ቤት የሚሠራ ሰውም ስለ ሲሚንቶና ብረት ዋጋ ሲጠይቅ ይጽፈዋል። «ደመወዝ እንዴት ይብቃቃል» የሚለው ጥርት ያለ ነው፤ ጸሐፊው ምክር ፈላጊ ነውና ለቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሆን ደግ ቃል ነበር። «የቤት ወጪ መመዝገቢያ» የሚለውን የሚጽፍ ሰው ግን ምክሩን ጨርሷል፤ እርሳስ ይዞ የሚሞላው ነገር እየፈለገ ነው። ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ይሁንና የደብተሩ ገዢ ያለው እዚህ ዘንድ ነው። ይህን መረጥን።

ቃል ከተመረጠ ጽሑፉም እሱን መምሰል አለበት። የወዳጄ ጽሑፍ የሚጀምረው ስለ ቁጠባ ጥቅም በአራት አንቀጽ ስብከት ነበር። ስብከቱን አውጥተን በምትኩ ሠንጠረዡን ከላይ አስቀመጥነው፤ ቀን፣ የወጣበት ምክንያት፣ የገንዘቡ ልክ። ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ቀጥሎ ዕድርና ዕቁብ የየራሳቸው መስመር አላቸው። ከፈረንጅ የተቀዱት ቅጾች እነዚህን አያውቋቸውም። ምክር የሚሻውን ሰው በሌላ ጽሑፍ ማስተናገድ ይሻላል፤ ሁለቱን ባንድ ገጽ ማጎር ሁለቱንም ማስከፋት ነው።

የቃሉን ዓላማ በግምት ብቻ መወሰን አያስፈልግም። ቃሉን ራሳችሁ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ተመልከቱ። የተደረደረው ዜና ከሆነ ቃሉ የወሬ ፈላጊ ነው፤ ቅጽና ሠንጠረዥ ከሆነ የሠሪ ነው። የጉግል የቃላት መገመቻ የሚሰጠው ቁጥር ስለ ብዛት እንጂ ስለ ሰውየው ሐሳብ አይናገርም፤ ለአማርኛ ቃላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመጣል። የእኛ ሰው አጻጻፍም አንድ አይደለም። «ወጪ» የሚል አለ፣ «ወጭ» የሚል አለ፣ በላቲን ፊደል wechi ብሎ የሚጽፍም አለ። አንዱን በርዕስ፣ ሌላውን ወግ ባለው ቦታ በጽሑፉ ውስጥ ማስገባት እንጂ ሁሉንም ርዕስ ላይ መደርደር ያስቃል።

ስሕተትን አስቀድሞ የሚናገረው ጉግል ለገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው Search Console ነው። ጽሑፉ በየትኞቹ ቃላት እንደታየና ስንት ሰው እንደከፈተው ያሳያል። ብዙ ታይቶ ጥቂት ከተከፈተ፣ ቃላቱም የሌላ ጉዳይ ከሆኑ፣ ጽሑፉ የተሳሳተ ወረፋ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ወዳጄ ዝርዝሩን ሲከፍት ያገኘው «የ2018 በጀት» የሚለውን ነበር።

አሁን አንድ ክርክር ቀርቶናል። አዲሱን ቃል ከሚጽፉት ብዙዎቹ ቅጹን በነጻ ማውረድ ይሻሉ፤ ወዳጄ ደግሞ «በነጻ ከሰጠሁ ማን ይገዛኛል?» ይላል። እኔ የአንድ ወሩን ቅጽ በነጻ ስጥ፣ የአሥራ ሦስቱን ወር በደብተር ሽጥ ብዬዋለሁ። ገና አልተስማማንም።