ዓለም በእኛ 2012 ልትጠፋ ነበር

አሜሪካ ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ የስልኳን ፎቶዎች ስታጸዳ ያገኘችውን አንድ አሮጌ ስክሪንሾት በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ላዩ ላይ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ዓለምን ያዳረሰ የትዊተር ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው አንዳች ሳይስቅ፣ እንደ ሒሳብ አስተማሪ ስሌት እየደረደረ፣ በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ከሄድን አሁን ያለነው 2012 ውስጥ ነው ይላል። ማያዎች ዓለም ትጠፋበታለች ያሉት ዓመት ገና አላለፈም ማለቱ ነው። ከሥሩ አንድ ሐበሻ መልስ ሰጥቷል፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የእውነትም 2012 ነው፣ ቻዎ ብለናችኋል የሚል ዓይነት። ከዚያ በዕንባ የሚስቁ ፊቶች ረድፍ።

አጎቴ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ካነበቡት በኋላ "ታዲያ ይኼ ምኑ ነው የሚያስቀው?" ብለው ጻፉ። ልጅቱ "ጋሼ፣ በቃ ያስቃል እኮ" ብላ ተወችው። እኔ ግን ጥያቄያቸው ተገቢ መስሎኝ ለማስረዳት ተነሣሁ። ቀልድ ሲብራራ ይሞታል የሚሉ አሉ፤ ይኼኛው ግን ሲፈታ ይበልጥ ያስቀኛል።

ከላይኛው ጽሑፍ እንጀምር። ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1752 ከጁልያን ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስትሻገር 11 ቀን ጠፋ። ከ1752 እስከ 2020 ድረስ 268 ዓመት ነው። 268 በ11 ሲባዛ 2,948 ቀን ይሆናል። ይኼ ለ365 ሲካፈል ስምንት ዓመት ገደማ ይመጣል። ከ2020 ላይ ስምንት ሲቀነስ ደግሞ 2012!

ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው፤ ሰውን የሸወደውም ይኸው ነው። ስሕተቱ ያለው ከማባዛቱ በፊት ነው። 11ዱ ቀን በየዓመቱ አልጠፋም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠፋው። በዚያ ዓመት እንግሊዞች ሴፕቴምበር 2 ቀን ተኝተው በማግሥቱ ሲነሡ ሴፕቴምበር 14 ሆነ፣ አለቀ። ካቶሊኮቹ አገሮች ቀደም ብለው በ1582 ከኦክቶበር 4 በቀጥታ ወደ 15 ዘለዋል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው፤ በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ። ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ስለዚህ ጁን 21 ቀን 2020 በጁልያን ጁን 8 ቀን ነው፤ የዚያው የ2020 ጁን 8።

ጋሼ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ ላይ እንደደረስኩ "እሱስ የገና ልዩነት ነው፣ ምን ስምንት ዓመት አመጣው?" አሉ። ነገሩን በአንድ መስመር ጨረሱት። እኛና ሩስያውያን ገናን ከምዕራባውያኑ 13 ቀን ዘግይተን የምናከብረው በዚሁ ልዩነት ምክንያት ነው፤ ዓመቱን ግን የሚነካው ነገር የለም።

እኔ የምወደው ሌላ ቀዳዳ አለ። እሺ፣ 2,948 ቀን ጠፍቷል ብለን እንመን። የማያዎቹ ቀን ዲሴምበር 21 ቀን 2012 ነበር። በእሱ ላይ 2,948 ቀን ስንጨምር ጃንዋሪ 16 ቀን 2021 ላይ ያደርሰናል። ሰዉ ግን "የመጨረሻዋ ቀን" ብሎ የተቀባበለው ጁን 21 ቀን 2020ን ነበር። በራሱ በጸሐፊው ስሌት እንኳ ዓለም ሰባት ወር ያህል ቀደም ብላ ልትጠፋ ነው ማለት ነው። ይህን ግን ማን ደምሮ ያያል? የእንግሊዝና የአሜሪካ ታብሎይድ ጋዜጦች ሳይቀሩ "ተባለ" እያሉ አወጡት፤ ቀልዱም በዚያው ዜና ሆነ።

ማያዎቹ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም። ረጅሙ አቆጣጠራቸው የሚቆጥረው ቀንን ነው፣ አንድ ብሎ ጀምሮ ሳያቋርጥ። 144,000 ቀን አንድ ባክቱን ይባላል፤ 13 ባክቱን ሲሞላ 1,872,000 ቀን ይሆናል። ያ ዙር የሞላው ዲሴምበር 21 ቀን 2012 ነው። አውሮፓውያን በመካከሉ ቀን ዘለሉ አልዘለሉ፣ ፀሐይ የወጣችበት ጊዜ ብዛት አይለወጥም። በእኛ ቀኑ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ሰዉ ሽሮውን በልቶ አደረ። ማያዎቹም ቢሆኑ ዙሩ ሲሞላ ሌላ ዙር ይጀምራል እንጂ ዓለም ትጠፋለች አላሉም፤ ያንን የጨመሩበት መጽሐፍ ሻጮችና ሆሊውድ ናቸው። "2012" የሚለው የጥፋት ፊልም የወጣው በ2009 ነው፤ ለአብዛኛው የትዊተር ሰው ያ ቁጥር የሚያስታውሰው ማያን ሳይሆን ያንን ፊልም ነው።

አሁን ወደ ሐበሻው መልስ። የላይኛው ሰውዬ በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ስምንት ዓመት አተረፈ። እኛ ደግሞ በሌላ፣ ምንም በማይገናኝ መንገድ፣ በእርግጥም ያንን ስምንት ዓመት ይዘናል። የእኛ ልዩነት ከጠፉ ቀናት የመጣ ሳይሆን ከልደተ ክርስቶስ ስሌት የመጣ ነው። ምዕራባውያኑ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ ያሰላውን ያዙ። እኛ የያዝነው ከእሱ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የነበረውን የእስክንድርያውን መነኩሴ የአንያኖስን ነው፤ ከዓለም ፍጥረት እስከ ሥጋዌ 5500 ዓመት የሚለውን። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም ሰባት ነው፤ ፈረንጆቹ ዓመት ከለወጡ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይሆናል። "ኢትዮጵያ ሰባት ዓመት ወደኋላ ናት" የሚለው የኢንተርኔት ወሬ ከዓመቱ ሲሦውን ያህል ብቻ ነው ልክ የሚሆነው።

እና ጁን 21 ቀን 2020 በእኛ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፣ እሑድ። ሐሰተኛው ሒሳብና እውነተኛው የቀን መቁጠሪያ አንድ ቁጥር ላይ ተገጣጠሙ። የመልሱ ቀልድ ግማሹ ይህ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ከሰማይ መጣ። በዚያው ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ ጨረቃ መሐሏን ሸፍና ዳሯን እንደ ቀለበት የምትተውበት ዓይነት። ጥላው ኢትዮጵያን አቋርጦ ሲያልፍ ላሊበላ መንገዱ ላይ ነበረች። ዓለም ትጠፋበታለች በተባለው ዕለት፣ በእርግጥም 2012 በሆነበት ብቸኛ አገር፣ በላሊበላ ላይ ፀሐይ ጠቆረች! ይህን ሰው ቁጭ ብሎ ቢደርሰው "በዛ" ይባል ነበር። የኮመዲ ጸሐፊ ይህን በነጻ ካገኘ ምን ይጨምርበታል? ስለዚህ መልሱ አጭር ሆነ፤ "ቻዎ" ይበቃል።

ቃናውን ሳይይዙ ግን ቀልዱ አይገባም። ወቅቱ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ የተቀመጠበት፣ እኛም ዘንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ ኮቪድ ሳያንስ አንበጣ ማሳውን የሚበላበት ነበር። "ዓለም ሊጠፋ ነው" ሲባል ከፍርሃቱ ይልቅ "ይህም ቀርቶ ነበር" የሚለው ድካም ይበልጥ ነበር። ላይኛው ጽሑፍ ኮስተር ያለው ለዚህ ነው፤ የሚስቅ ፊት ቢለጠፍበት ኖሮ ማንም አያጋራውም ነበር።

የሐበሻው ቃና ሌላ ነው። ራሱ ላይ ይቀልዳል፣ ግን ደረቱን ነፍቶ። ዓለም ረስታን ስታበቃ ለመጥፋት እንኳ እኛ ዘንድ መምጣት ግድ ሆነባት ይላል በውስጠ ወይራ። ያንኑ "ኢትዮጵያ ገና 2012 ላይ ናት" የሚለውን ዓረፍተ ነገር አገራችንን የማያውቅ ሰው ሲጽፈው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከሥሩ "ለነገሩ ኋላ ቀር ናቸው" የሚል አስተያየት ይከተላል፣ መብራትና ውኃ ይነሣል። የማን ቀልድ እንደሆነ ለማወቅ ከሥር ያሉትን ሁለት ሦስት መልሶች ማንበብ ይበቃል። ሰዎች ስለ ጳጉሜን፣ "እኔ በሰባት ዓመት አንሳለሁ" ስለሚሉ አክስቶች፣ ቪዛ ፎርም ላይ ስለተምታታ የልደት ቀን እያወሩ ከሆነ ቤተኛ ነው። ስለ ረኀብ እያወሩ ከሆነ እንግዳ ነው፣ ክፉ እንግዳ።

ስክሪንሾት ሲደርስ ቀኑን ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ያ ቀልድ እኛ ዘንድ የኖረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ሰኔ 22 ማታ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለሳምንታትም አልተመለሰም። በብጥብጡ ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲያ በ2012 መቀለድ ለማንም አልሆነለትም። የእህቴ ልጅ የላከችው ምስል ጥግ ላይ ጁን 21 ይላል፤ ጁላይ ቢል ኖሮ ያው ጽሑፍ ጭካኔ ይሆን ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ጋሼ በትዕግሥት አነበቡልኝ፤ የሳቁት ግን በሒሳቡ ላይ ነው። "አሥራ አንድ ቀን በየዓመቱ!" ብለው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ቀልዱ ግን አልሞተም፤ ቁጥር እየጠበቀ ነው የሚኖረው። የእኛ 2019 የሚገባው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው። የዚያን ዕለት "ኮቪድ ያልገባባት አገር ተገኘች፣ ቲኬት ቁረጡ" የሚል እንደሚመጣ አልጠራጠርም። በዓመቱ ደግሞ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027፣ 2020 ብለን እንገባለን። ዶሮው ወጥ ገና ሳይወርድ አንዱ "ኢትዮጵያውያን፣ ማስክና የሽንት ቤት ወረቀት ግዙ" ብሎ ይለጥፋል። ቀድሞ የሚለጥፈው ከእኛው ሰው ቢሆን ደስ ይለኛል።