ለተቀነሰ ሠራተኛ የሚከፈለው ስንት ነው? ስንብት፣ ማስጠንቀቂያና ግብር

ገበያ የቀዘቀዘበት ድርጅት ሠራተኛ ሊቀንስ እንደሚችል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይቀበላል፡፡ አዋጁ የሚጠይቀው ቅነሳው በሥርዓት እንዲፈጸምና ሠራተኛው የሚገባውን ይዞ እንዲወጣ ነው፡፡ ክርክር የሚነሳውም በዚህ ሁለተኛው ጉዳይ ላይ ነው፡፡ ሠራተኛው ወደ ሰው ሀብት ክፍል ይጠራል፣ አንድ ድምር የሰፈረበት ወረቀት ይቀርብለታል፣ "ሒሳቤን አጠናቅቄ ተረክቤያለሁ" ከሚለው መስመር ሥር ይፈርማል፡፡ ድምሩ ከምንና ከምን እንደተገኘ፣ ግብሩስ በምን ስሌት እንደተቀነሰ ብዙዎች የሚጠይቁት ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው፡፡

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው፡፡ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በአንድ የግል ድርጅት ልክ ሰባት ዓመት አገልግላለች እንበል፡፡ ወርኃዊ ደመወዟ 18,000 ብር ነው፡፡ ድርጅቱ የሥራ መጠኑ በመቀነሱ ከ100 ሠራተኞቹ 15ቱን ሲቀንስ እሷም አንዷ ሆነች፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ምን ያህል ይገባታል?

ሦስት የተለያዩ ክፍያዎች

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፡፡ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ሰው አዋጁ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፡፡ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ የስንብቱን ምክንያትና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት፡፡ ጊዜውም መቆጠር የሚጀምረው ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው፡፡ ሠራተኛዋ ሁለቱን ወራት እየሠራች ደመወዟን ትወስዳለች፡፡ ድርጅቱ "ከነገ ጀምሮ አትምጪ" ካላት ግን የሁለቱን ወር ደመወዝ ማለትም 36,000 ብር ሊከፍላት ይገባል፡፡

ሁለተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፡፡ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚከፈለው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ነው፡፡ የቀን ደመወዟን 600 ብር ብንይዝ 18,000 ብር ይሆናል፡፡ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፡፡ ስድስት ዓመት በ6,000 ብር ሲባዛ 36,000 ብር ነው፡፡ ሁለቱ ሲደመሩ 54,000 ብር ይሆናሉ፡፡ እዚህ ላይ "ደመወዝ" የሚባለው መደበኛው ክፍያ ነው፡፡ የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን በስሌቱ አይገቡም፡፡ ስለዚህ የገቢው ትልቁ ድርሻ በአበል መልክ የሚከፈለው ሰው በስንብት ጊዜ የሚያገኘው ከጠበቀው ያነሰ ሆኖ ቢያገኘው አይደንቅም፡፡

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፡፡ ውሉ የተቋረጠው ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ፣ ከመደበኛው ስንብት በተጨማሪ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይከፈላል፡፡ ለሒሳብ ሠራተኛችን ይህ 36,000 ብር ነው፡፡

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው፡፡ የማስጠንቀቂያው ሁለት ወርና ተጨማሪው 60 ቀን በብር ሲሰሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ፡፡ ሁለቱም 36,000 ብር ናቸው፡፡ በመሆኑም አንዱ በሌላው ውስጥ ሲዋጥ የሚያስተውል የለም፡፡ አሠሪው "ሁለት ወር ከፍለናል" ይላል፣ ሠራተኛውም ያምናል፡፡ ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ለጊዜ ምትክ የሚሰጥ ሲሆን፣ 60 ቀኑ ለቅነሳው የተጨመረ ክፍያ ነው፡፡ አንዱ ሌላውን አይተካም፡፡ በትክክል ሲሰላ ስንብቱ ከነተጨማሪው 90,000 ብር፣ ማስጠንቀቂያው በገንዘብ ከተከፈለ ደግሞ አጠቃላይ ድምሩ 126,000 ብር ነው፡፡ በወረቀቱ ላይ 90,000 ብር ብቻ ካለና ሠራተኛዋ ሁለቱን ወራት ካልሠራች፣ አንደኛው 36,000 ብር ተውጧል ማለት ነው፡፡ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለም ለብቻው ተሰልቶ ይጨመራል፡፡

"ቅነሳ" መቼ ነው ቅነሳ?

ተጨማሪው 60 ቀን የተያያዘው ከቅነሳ ጋር ስለሆነ ቃሉ በሕግ ያለው ትርጉም የገንዘብ ዋጋ አለው፡፡ አዋጁ የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው ስንብቱ ቢያንስ አሥር በመቶ የሚሆኑትን ሠራተኞች ሲነካ ነው፡፡ ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰዎች መነካት አለባቸው፡፡ ሁኔታው ከአሥር ላላነሱ ተከታታይ ቀናት የቆየ መሆን ይኖርበታል፡፡ የሠራተኛው ብዛት የሚወሰደውም ከእርምጃው በፊት በነበሩት 12 ወራት ከነበረው አማካይ ቁጥር ነው፡፡

ስለዚህ 100 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት 15 ሰው በአንድ ጊዜ ሲያሰናብት ቅነሳ ነው፡፡ አሥራ አምስቱን በየወሩ ሁለት ሁለት እያደረገ ቢያወጣቸው ግን እያንዳንዱ ስንብት በተናጠል የተፈጸመ ይመስላል፡፡ በዚህ መልክ የሚሰናበት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያውን ቢያገኝም፣ 60 ቀኑን ሲጠይቅ "አንተ በቅነሳ አልወጣህም" የሚል መልስ ሊጠብቀው ይችላል፡፡ ከእሱ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ምክንያት የወጡትን ሰዎች ስም፣ ቀንና የደብዳቤያቸውን ቃል መያዝ ለክርክሩ ዋና ማስረጃ የሚሆነው ለዚህ ነው፡፡ በቅነሳ ጊዜ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር ስላለበት፣ የምክክሩ ቃለ ጉባኤም ቅነሳ እንደነበረ ይመሰክራል፡፡

ከዚህ የከፋው ወጥመድ ግን "በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ" የሚለው ደብዳቤ ነው፡፡ አንዳንድ አሠሪ "ለወደፊት ሥራ ፍለጋሽ ይጠቅምሻል" ብሎ መልቀቂያ እንድትጽፍ ይጠይቃል፡፡ የሒሳብ ሠራተኛችን ይህን ብትፈርም አምስት ዓመት በላይ ስላገለገለች፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለባት፣ 54,000 ብሩ ይተርፍላት ይሆናል፡፡ ማስጠንቀቂያውና 60 ቀኑ ግን ይቀራሉ፡፡ የአንዲት ፊርማ ዋጋ 72,000 ብር ሆነ ማለት ነው፡፡ አምስት ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ ደግሞ በፈቃዱ ከለቀቀ በዚህ ምክንያት ስንብት አያገኝም፡፡

ግብሩ በምን ይሰላል?

የስንብት ክፍያ ከግብር ነፃ ነው የሚል እምነት በስፋት አለ፡፡ ትክክል አይደለም፡፡ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሥራ ሲቋረጥ የሚገኝን ክፍያ ከመቀጠር ከሚገኝ ገቢ ጋር ቆጥሮታል፡፡ አሠሪውም ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ማስገባት ይኖርበታል፡፡ ልዩነቱ የሚመጣው በአሠላሉ ነው፡፡

በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የግብር ሠንጠረዥ ወርኃዊ ነው፡፡ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፡፡ ከዚያ በላይ ከ15 በመቶ እየጀመረ ከፍ ይልና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል፡፡ በ18,000 ብር ደመወዝ ላይ የወሩ ግብር 4,250 ብር ይመጣል፡፡

አሁን 90,000 ብሩን እንውሰድ፡፡ ገንዘቡ የአምስት ወር ደመወዝ ያህል ነው፡፡ ለመጨረሻው ደመወዝ ተካፍሎ እንደ አምስት ወር ከተሰላ ግብሩ 4,250 በአምስት ማለትም 21,250 ብር ነው፡፡ የሒሳብ ክፍሉ ግን ጠቅላላውን በአንድ ወር ፔይሮል ውስጥ ከከተተው፣ ሠንጠረዡ ሠራተኛዋን በወር 90,000 ብር እንደምታገኝ ሰው ያያታል፡፡ ግብሩም 29,450 ብር ይሆናል፡፡ ልዩነቱ 8,200 ብር ነው፡፡ የማስጠንቀቂያው ገንዘብም አብሮ ከተጨመረና 126,000 ብሩ በአንድ ላይ ከተሰላ ግብሩ 42,050 ብር ይደርሳል፡፡ በሰባት ወር ተካፍሎ ቢሆን 29,750 ብር በሆነ ነበር፡፡

ይህ አሠላል ይበልጥ የሚጎዳው ደመወዙ አነስተኛ የሆነውን ነው፡፡ 6,000 ብር የሚያገኝ የጥበቃ ወይም የመጋዘን ሠራተኛ የአምስት ወር ስንብት 30,000 ብር ቢደርሰው፣ በወር በወሩ ሲካፈል ግብሩ 3,500 ብር ነው፡፡ በአንድ ጊዜ ከተሰላ 8,450 ብር ይሆናል፡፡ የልዩነቱ 4,950 ብር የወር ደመወዙን ሊያክል ምንም አልቀረው፡፡

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ድምሩን ብቻ አይቶ ማለፍ አይበቃም፡፡ እያንዳንዱ ክፍያ በየስሙ፣ ግብሩም በየትኛው ስሌት እንደተቀነሰ የሚያሳይ ዝርዝር በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ ግብሩ በአንድ ወር ተጠቃሎ ከተገኘ እርማቱን ከድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ለማስደረግ የሚቀለው ገንዘቡ ለግብር ሰብሳቢው ከመግባቱ በፊት ነው፡፡ ገብቶ ካለቀ በኋላ ጉዳዩ ወደ ተመላሽ ጥያቄ ይዞራል፣ መንገዱም ይረዝማል፡፡ የወርኃዊ ጡረታ መዋጮ የሚሰላው ከደመወዝ በመሆኑ ከስንብቱ ላይ ሰባት በመቶ ተቀንሶ ከታየም ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡

ጊዜውና ገደቡ

ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፡፡ በመጠኑ ላይ ክርክር ቢኖር እንኳ አሠሪው ያመነውን ያህል በዚሁ ጊዜ ይከፍላል፡፡ ከአቅም በላይ ባልሆነ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል፡፡ ሠራተኛው ግን የድርጅቱን ንብረት፣ ላፕቶፕም ይሁን መታወቂያ፣ በደረሰኝ ቢመልስ ለመዘግየቱ ምክንያት እንዳይሆን ያደርጋል፡፡

ይርጋውም አጭር ነው፡፡ ከውል መቋረጥ የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ለሥራ ክርክር ችሎት ካልቀረበ ይታገዳል፡፡ "ሲመቻቸው ይከፍሉኛል" እያለ በስልክ የሚጠብቅ ሰው መብቱ የሚያልፍበት በዚህ ነው፡፡ ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፡፡

አንድ ወሰን ግን አለ፡፡ አዋጁ በሥራ መሪዎች ላይ አይሠራም፡፡ የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የሚቀርጽና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ነው፡፡ በቢዝነስ ካርዱ ላይ "ማናጀር" ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ሰው የሥራ መሪ አይሆንም፡፡ በክርክር ጊዜ አሠሪው ይህን ሲያነሳ መልሱ ያለው በሥራ መዘርዝሩና በተግባር በፈረመባቸው ወረቀቶች ላይ ነው፡፡

የሒሳብ ሠራተኛችን ስለራሷ ጉዳይ ብዙ ሕግ ማንበብ አያስፈልጋትም፡፡ ከፊቷ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ማስጠንቀቂያ፣ ስንብትና 60 ቀን የሚሉ ሦስት መስመሮች፣ ከሥራቸውም በወር የተካፈለ ግብር መኖራቸውን ማየት ይበቃታል፡፡ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ትጠይቅ፡፡